ልጁ ተሳስቶ ሲመልስ አብረነው እንቆያለን ወይስ አልፈነው እንሄዳለን?

ጠመኔ | እሑድ ማታ

ሰላም ለሁላችሁም። አምስተኛ ክፍል ሒሳብ ሳስተምር ይህ ሰባተኛ ዓመቴ ነው። በክፍሌ 62 ልጆች አሉ። ባለፈው ክረምት ለሦስት ቀን ሥልጠና ተጠርተን ክፍልፋይን በወረቀት ጥብጣብ ማስተማር ተማርን። አሠልጣኙ ሠርቶ አሳየን፣ እኛም በቡድን ሆነን ሞከርነው፤ በጣም ደስ አለኝ። ልጆቼ ⅓ እና ¼ ደምሩ ሲባሉ 2/7 ብለው ይመልሳሉ፤ ላዕልን ከላዕል፣ ታሕትን ከታሕት ይደምራሉ። በሰሌዳ ደጋግሜ ባስረዳም በሳምንቱ ተመልሰው እዚያው ናቸው። እናም መድኃኒቱን አገኘሁ ብዬ ነበር።

መስከረም ላይ 62 ጥብጣብ ቆርጬ ገባሁ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ ነው፤ ማደሉ ብቻ ሩቡን ሰዓት በላ። ወረቀትን ለአራት ማጠፍ ቀላል ነው፤ ለሦስት እኩል ማጠፍ ግን ለእኔም አስቸጋሪ ነበር፤ የልጆቹ ሦስተኛ አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ሆነ። ጫጫታው በዝቶ የጎረቤት ክፍል መምህር በር ላይ መጥቶ ቆመ። በሁለተኛው ቀን ደግሜ ሞከርኩ፤ ያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ወደ ሰሌዳዬ ተመለስኩ።

የሚያሳስበኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ከሥልጠናው በፊት ክፍልፋይ ማስተማር እችላለሁ ብዬ አምን ነበር። አሁን አላምንም። ባለፈው ሐሙስ የመጨረሻው ረድፍ ላይ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ጠየቅሁ። ተነሥቶ «ሁለት ሰባተኛ» አለና መሬት መሬት ማየት ጀመረ። እኔም «ቁጭ በል፤ ሌላ ማን ይነግረናል?» አልኩ። ማታ ቤት ስገባ የራሴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀረ። ከዚህ በፊት እንዲህ አልነበርኩም። በራሴ ላይ የነበረኝ እምነት መውደቁ ነው ወይስ ዘዴው ለእኛ ክፍል አይሆንም? ያለፈበት ሰው ካለ ንገሩኝ።

---

ወኔ | እሑድ ማታ

እኅቴ፣ ነገሩ ግልጽ ነው። ዋናው በራስ መተማመን ነው። እችላለሁ ብሎ የሚያምን መምህር ተማሪዎቹ ያልፋሉ፤ አልችልም ያለ ደግሞ ምንም ዘዴ ቢሰጠው አይሆንለትም። ይህ በጥናት የተረጋገጠ ነው። ጠዋት ጠዋት ክፍል ከመግባትሽ በፊት «እችላለሁ» ብለሽ ግቢ፤ ልጆች የመምህራቸውን ፊት ያነባሉ። እኔ ማኅበራዊ ሳይንስ አስተምራለሁ፤ ተጠራጥሬ ገብቼ አላውቅም።

---

የሁለት ልጆች እናት | ሰኞ ጠዋት

እኔ መምህር አይደለሁም፤ ግን ርእሱ ልቤን ነካው። የእኔም ልጅ ሒሳብ ላይ በራሷ አትተማመንም። ስድስተኛ ክፍል ናት። ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር ስትሠራ ታውቀዋለች፤ ክፍል ውስጥ ግን እጇን አታወጣም። ማበረታቻ ብንሰጣት፣ «ጎበዝ» ብንላት ይሻላል ወይስ አስጠኚ ልቅጠርላት? አንድ ቀን «ለምን አትመልሺም?» ስላት «አንድ ጊዜ ተሳሳትኩ፤ ከዚያ በኋላ መምህሩ እኔን አይጠይቀኝም» አለችኝ። መምህሩን አልወቅስም፤ ስንት ልጅ እንዳለበት አውቃለሁ።

---

የኮሌጅ አሠልጣኝ | ሰኞ ማታ

ጠመኔ፣ ጥያቄሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መምህራን ማሠልጠኛ ውስጥ ረጅም ጊዜ ሠርቻለሁ፤ ያነሣሽው ጉዳይ በእኛ ሙያ «የመምህራን ግለ ብቃት እምነት» የሚባለው ነው፤ መምህር ልጆቹን ማስተማር እችላለሁ ብሎ በራሱ ላይ ያለው እምነት ማለት ነው። የሁለት ልጆች እናት ስለ ተማሪዋ እምነት ነው የጠየቁት፤ ጉዳዩ ሌላ ቢሆንም ልጃቸው የተናገረችው ዐረፍተ ነገር በቀጥታ ወደ አንቺ ጥያቄ ይወስደናል፤ እመለስበታለሁ።

ወኔ ያለው ግማሹ ልክ ነው። ነገሩ መጠናት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ሎስ አንጀለስ ውስጥ በንባብ ትምህርት ላይ ከተሠራ ጥናት ነው። በረጅም መጠይቅ ውስጥ ሁለት ዐረፍተ ነገሮች ብቻ ነበሩ። አንዱ የልጁ ውጤት በአብዛኛው ከቤቱ ስለሚመጣ መምህር ብዙም ማድረግ አይችልም የሚል ነው። ሌላው አጥብቄ ከሞከርኩ በጣም አስቸጋሪ የሆነውን ልጅ እንኳ እደርስበታለሁ የሚል ነው። ለእነዚህ የተሰጠው መልስ ከልጆቹ የንባብ መሻሻል ጋር ተዛምዶ ተገኘ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት ባንዱራ ደግሞ በ1977 ባሳተመው ጽሑፍ እንዲህ ያለው እምነት ሰው ምን እንደሚሞክር፣ ሲከብደውም ምን ያህል እንደሚቆይ እንደሚወስን አስረዳ።

ወኔ የሳተው ግን ይህ እምነት ጠቅላላ ድፍረት አለመሆኑን ነው። ከአንድ ሥራ ጋር የተያያዘ ነው። አንድ መምህር አማርኛ ሲያስተምር አይበገሬ ሆኖ ክፍልፋይ ላይ ሲደርስ ይፈራል። ክፍሉን ጸጥ ማድረግ እንደሚችል እያመነ የሰለቸውን ልጅ መመለስ እንደማይችል ሊያምን ይችላል። ስለዚህ ጠዋት «እችላለሁ» ብሎ መግባት ብዙ ርቀት አይወስድም። እምነቱን ከሁሉ በላይ የሚገነባው ያንኑ ሥራ ሠርቶ ሲሳካ ማየት ነው።

አሁን ወደ «ቁጭ በል» እንምጣ። በ1984 ሼሪ ጊብሰን እና ማይረን ዴምቦ የተባሉ አጥኚዎች የመምህራንን እምነት ከለኩ በኋላ የጥቂቶቹን ክፍል ገብተው ተመለከቱ። ከታዩት ልዩነቶች አንዱ ልጅ ተሳስቶ ከመለሰ በኋላ ባሉት ሰከንዶች ውስጥ ነበር። እምነታቸው ዝቅ ያሉት ልጁን ይነቅፉታል፣ ወይም ወደ ሌላ ልጅ ያልፋሉ። እምነታቸው ከፍ ያሉት ጥያቄውን አዙረው እየጠየቁ ከዚያው ልጅ ጋር ይቆያሉ። ጽናት የምንለው ነገር ክፍል ውስጥ የሚታየው በዚህ መልክ ነው። የእናትየዋ ልጅ «እኔን አይጠይቀኝም» ያለችው ይህንኑ ከወንበሯ ሆና ስታየው ነው።

ከሥልጠና በኋላ እምነትሽ መውደቁም በአንቺ አልተጀመረም። በ2009 ሜገን ቻነን ሞራን እና ፔጊ ማክማስተር አንድን የንባብ ማስተማሪያ ዘዴ በአራት ዓይነት ሥልጠና ለመምህራን ሰጡ። አንደኛው ቡድን ገለጻ ብቻ አገኘ፤ ሁለተኛው ሠርቶ ማሳያ ተጨመረለት፤ ሦስተኛው ራሱ ተለማመደ፤ አራተኛው ከዚህ ሁሉ በኋላ በራሱ ትምህርት ቤት ውስጥ ክትትልና እገዛ አገኘ። እምነቱ በጣም የጨመረው አራተኛው ነው። ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ግን የብዙዎቹ እምነት ቀነሰ። ጥሩ ሥራ ምን እንደሚመስል አይተዋል፤ የራሳቸው ሙከራ እንደማይደርስበትም አውቀዋል፤ ከዚያም ብቻቸውን ቀሩ። ያንቺ ሥልጠና ይህን ሦስተኛውን ይመስላል።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትቀይሪ ብቻ ቁጠሪ። ልጅ በተሳሳተ ቁጥር ያደረግሽውን በደብተርሽ ጠርዝ ላይ ምልክት አድርጊ፦ ራስሽ መልሱን ሰጠሽ፣ ወደ ሌላ ልጅ አለፍሽ፣ ወይስ ከዚያው ልጅ ጋር ቆየሽ? ከቆየሽ ደግሞ ከማን ጋር?

---

የፊዚክስ መምህር | ሰኞ ሌሊት

በትሕትና ልቃወም። 62 ልጅ ባለበት ክፍል ስለ መምህሯ እምነት ማውራት ጉዳዩን ከወንበር እጥረትና ከወረቀት ዋጋ ላይ አንሥቶ በእሷ ትከሻ ላይ መጫን ነው። «ውጤት በአብዛኛው ከቤት ይመጣል» ያለ መምህር እምነት የጎደለው ተብሎ ይመዘገባል። ግን ልጁ ቁርስ ሳይበላ መጥቶ ከሆነስ? እውነቱን የተናገረ መምህር ነው። እኔ ዘጠነኛ ክፍል የማገኛቸው ልጆች ክፍልፋይ አይችሉም፤ ፍጥነትና ርቀት ላይ ስደርስ የምታገለው ከዚያ ጋር ነው። ይህን የሚፈታው የመምህሯ ስሜት አይደለም።

---

የኮሌጅ አሠልጣኝ | ማክሰኞ ጠዋት

የፊዚክስ መምህር፣ ተቃውሞህ ክብደት አለው። በዚያ አሮጌ መጠይቅ ላይ ሌሎችም ይህንኑ አንሥተዋል፤ የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገር የመምህሩን ችሎታ ሳይሆን ስለ ዓለም ያለውን አስተያየት ነው የሚለካው ተብሏል። በ2001 የወጣው መጠይቅ ያን ትቶ «ይህን ምን ያህል ማድረግ ትችላለህ?» ብሎ ነው የሚጠይቀው። የልጁን ረሃብ ግን የትኛውም መጠይቅ አያጠግበውም፤ በዚህ እስማማለሁ።

ቁጥሩንም ሳልሸፋፍን ልንገርህ። በ2014 ክላሰን እና ትዜ የተባሉ አጥኚዎች 43 ጥናቶችን፣ ከ9,000 በላይ መምህራንን አንድ ላይ መረመሩ። የመምህሩ እምነት ክፍል ውስጥ ገብቶ ካየው ሰው ከሚሰጠው ምዘና ጋር ያለው ዝምድና 0.28 ነው፤ መካከለኛ ሊባል ይችላል። ከተማሪዎች ውጤት ጋር ያለው ግን ከዚያ በጣም ያነሰ ነው። በእምነቱና በፈተናው ወረቀት መካከል ብዙ ነገር አለ፤ አንተ የዘረዘርከውም እዚያ ውስጥ ነው። ስለዚህ «ያመነ መምህር ተማሪው ያልፋል» የሚለውን እኔም አልፈርምበትም።

ሆኖም 62 ልጅ ባለበት ክፍል ውስጥም መምህሯ በቀን ብዙ ጊዜ «ልቆይ ወይስ ልለፍ» ብላ ትወስናለች። የክፍሉን ብዛት እሷ አትወስንም፤ ይህንን ግን ትወስናለች።

---

ጡረተኛው | ረቡዕ ማታ

በእድሜ ከሁላችሁም ሳልበልጥ አልቀርም። ፊደል የቆጠርኩት በቄስ ትምህርት ቤት ነው። በስንደዶ እየጠቆምኩ አንዷን ፊደል ካላወቅኋት የኔታ ወደ ቀጣይዋ አያሳልፉኝም ነበር። ሳይቸኩሉ፣ «ድገማት» እያሉ፣ ካልሆነም ከፍ ካለ ተማሪ ጋር አስቀምጠውኝ ይመለሱብኛል። አሠልጣኙ «መቆየት» ሲሉ ያ ትዝ አለኝ። አለንጋውም ትዝ ይለኛል፤ እሱን አልናፍቅም።

መናገር የፈለግሁት ግን ሌላ ነው። እኔ ሰዋስው ሳስተምር በራሴ ላይ ጥርጣሬ አልነበረኝም። ብዙ ዓመት ማስታወሻ በሰሌዳ ጽፌ አስገልብጫለሁ። ክፍሌ ጸጥ ያለ ነበር፤ ርዕሰ መምህሩ ያመሰግኑኝ ነበር። አንድ ቀን አንዲት ተለማማጅ መምህርት ክፍሌ ገብታ ልጆቹን «በገለበጣችሁት ሕግ አንድ ዐረፍተ ነገር ሥሩልኝ» አለች። ከሃምሳ ልጅ ሁለት ሦስቱ ሠሩ። እምነቴ ሙሉ ነበር፤ ልጆቹ ግን አልተማሩም። እምነቱ ጠያቂ ካላገኘ እንዲህም ያደርጋል። ወኔ ልጄ፣ «ተጠራጥሬ ገብቼ አላውቅም» ስትል ያ ዘመኔ ታወሰኝና ነው ይህን የጻፍኩት።

---

ወኔ | ረቡዕ ሌሊት

ጋሼ፣ አመሰግናለሁ። ይህን አስቤው አላውቅም። ነገ አንድ ክፍል ላይ ያንኑ ጥያቄ እሞክረዋለሁ። አሁንም ግን እየተንቀጠቀጠ የሚገባ መምህር ልጆችን ይዞ መሄድ ይችላል ብዬ ማመን ያቅተኛል።

---

ጠመኔ | በሳምንቱ ቅዳሜ

ቆጠርኩ። በአምስት ክፍለ ጊዜ 41 ጊዜ ልጅ ተሳስቶ መለሰ። በ14ቱ መልሱን እኔው ሰጠሁ። በ18ቱ ወደ ሌላ ልጅ አለፍኩ። የቆየሁት 9 ጊዜ ነው። ከዚህ 9 ውስጥ 7ቱ ከፊት የሚቀመጡ ጎበዝ ልጆች ናቸው። ከመጨረሻዎቹ ሁለት ረድፎች ጋር በአምስት ቀን አንድ ጊዜም አልቆየሁም። ሰው ቢነግረኝ እከራከር ነበር፤ በራሴ እጅ የተጻፈ ሆኖ ነው እንጂ።

ወኔም የፊዚክስ መምህርም ይህን እዩልኝ፦ ቆየሁ ያልኳቸው ልጆች እንደሚመልሱልኝ እርግጠኛ የሆንኩባቸው ናቸው። ያልቆየሁባቸው ደግሞ ብቆይባቸውም እንዴት እንደማወጣቸው የማላውቃቸው ናቸው። ችግሬ ድፍረት ማጣት አይደለም። ያ ልጅ «ሁለት ሰባተኛ» ሲለኝ ቀጥሎ ምን ብዬ እንደምጠይቀው አላውቅም ነበር።

---

የኮሌጅ አሠልጣኝ | ቅዳሜ ማታ

ይህን ያህል በሐቀኝነት የቆጠረ መምህር ጥቂት ነው ያየሁት። የመጨረሻዋ ዐረፍተ ነገርሽ ላይ እንሥራ።

ጥብጣቡን መቁረጥም ማጠፍም ተዪው። ልጆቹ የሒሳብ ደብተራቸው ባለ ሳጥን ነው። በአንድ መስመር ላይ 12 ሳጥን ያስምሩ፤ ያ አንድ ሙሉ ዳቦ ነው። ሦስተኛው 4 ሳጥን ነው፤ አራተኛው 3 ሳጥን ነው። ሁለቱን ቢያቀልሟቸው 7 ሳጥን ይሆናል፤ 7/12። ማደል የለም፣ ሩቡን ሰዓት የሚበላ ነገር የለም፣ ሦስት ቦታ ለማጠፍ መታገል የለም።

2/7 ላለው ልጅ ደግሞ ቀጣዩ ጥያቄ ይህ ይሁን፦ «ሁለት ስድስተኛና ሁለት ሰባተኛ፣ የትኛው ይበልጣል?» ቁራጩ ሲበዛ እያንዳንዱ እንደሚያንስ ካወቀ ስድስተኛውን ይመርጣል። ከዚያ «ሁለት ስድስተኛ ማለት አንድ ሦስተኛ አይደለም ወይ?» በዪው። መልሱ ከአንድ ሦስተኛም ያነሰ ሆኖ ያገኘዋል። ሲሶ ዳቦ ይዞ ሩብ ተጨመረለትና ዳቦው አነሰ ማለት ነው። ልጁ ራሱ ይደነግጣል፤ አንቺ ተሳስተሃል ማለት አያስፈልግሽም።

ሙከራውን አሳንሺው። 40 ደቂቃውን በሙሉ አትስጪው፤ አሥር ደቂቃ ብቻ። ሌላውን እንደለመድሽው በሰሌዳ አስተምሪ። አዲስ ነገር ስንሞክር ቢበላሽ የሚበላሸው ትንሽ ከሆነ በማግስቱ ደግመን ለመሞከር አቅም ይኖረናል። አንቺ በአንድ ጊዜ ሁሉን አስይዘሽ ነበር የተወራረድሽው። በር ላይ የቆመውን ጎረቤትሽንም አስገቢው። ዳኛ ሆኖ ሳይሆን ከኋላ ረድፍ ከሁለት ልጆች አጠገብ ተቀምጦ የሚሉትን እንዲጽፍልሽ።

---

የፊዚክስ መምህር | ቅዳሜ ሌሊት

የ12 ሳጥኑን ነገር ለዘጠነኛ ክፍልም እወስደዋለሁ። ክርክሬን ግን አልተውኩም፤ ይህች መምህርት ቁጥሯን ይዛ የምትሄድበት ሰው በትምህርት ቤቷ ውስጥ አለመኖሩ፣ እዚህ መጥታ መጠየቋ ራሱ መልስ ነው።

---

ጠመኔ | ከሁለት ሳምንት በኋላ

የጎረቤቴን መምህር ለመጠየቅ አራት ቀን ፈጀብኝ። ሳስበው ከክፍሉ ሙከራ ይልቅ ይህ ነበር የከበደኝ። እሱ ግን «እኔም ጥብጣቡን ሞክሬ ትቼዋለሁ» አለኝ። በዚያው ሥልጠና አብረን ነበርን፤ ሁለታችንም ተደባብቀን ትተነዋል።

ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። አሥር ደቂቃዋ አሥራ ስድስት ሆነች፤ ግን ክፍሉ አልተረበሸም። ያን ልጅ ጠየቅሁት። እንደገና «ሁለት ሰባተኛ» አለኝ። ስድስተኛና ሰባተኛውን ጠየቅሁት፤ ዝም አለ። ልቤ ሲመታ ይሰማኛል፤ አፌ ላይ «ቁጭ በል» መጥቶ ነበር። ጠበቅሁት። ክፍሉ ሁሉ ሲጠብቅ ጊዜው በጣም ረዘመብኝ። ከዚያ ጣቱን ሳጥኖቹ ላይ እያንቀሳቀሰ «ሰባተኛው ያንሳል… እንዴ፣ ሲሶውም አይሞላም እኮ» አለ። ጎረቤቴ ያንን ቃል በቃል ጽፎልኛል።

አርብ አንድ ጥያቄ በወረቀት ሰጠሁ፦ ½ + ⅕። ከሙከራው በፊት ተመሳሳይ ጥያቄ ከ62 ልጆች 11 ብቻ ነበር የሠሩት። አሁን 34 ሠሩ። 28ቱ አልሠሩም፤ ከእነሱ 19ኙ አሁንም ታሕትን ከታሕት ደምረዋል። ያ ልጅ ከሠሩት ውስጥ ነው።

---

የኮሌጅ አሠልጣኝ | በማግስቱ

ደስ ብሎኛል፤ ጠንቃቃም ልሁን። አንድ ጥያቄ ነው፣ ከትምህርቱ በሦስት ቀን ውስጥ ነው፤ ከወር በኋላ ያለ ሳጥን ጠይቂያቸውና ስንቱ እንደቀረ እዪ። ከ34ቱ ምን ያህሉ በሳጥኑ፣ ምን ያህሉ አንቺ በመቆየትሽ እንደመጣ ከዚህ መለየት አይቻልም። ያንቺም እምነት ቢሆን ተመልሶ ከሆነ የተመለሰው ከሥራው በኋላ ነው። በ2013 በጀርመን የሒሳብ መምህራን ላይ የወጣ ጥናት ይህን አሳይቷል፤ ጥሩ ማስተማር ቀድሞ እምነቱ የሚከተልበት ጊዜ አለ። እምነት ውጤትን ወለደ ብቻ ብለን ስናስተምር ኖረናል፤ እኔም ጭምር።

19ኙ ላይ የሚሠራ ሐሳብ ገና የለኝም። ወረቀቶቻቸውን ስም ሸፍነሽ ፎቶ አንሥተሽ ብትለጥፊልን አብረን እናያለን። ½ እና ⅕ ላይ ስንት ሳጥን እንዳሰመሩ ማወቅ እፈልጋለሁ፤ 12 ካሰመሩ አምስተኛው እኩል አይወጣላቸውም፤ ምናልባት የተሰናከሉት እዚያ ይሆናል።

---

ጠመኔ | በማግስቱ ማታ

አሁን ከፍቼ አየሁ። ከ19ኙ 13ቱ 12 ሳጥን ነው ያሰመሩት። አሥር ማስመር እንዳለባቸው አልነገርኳቸውም፤ እንዴት እንደሚመርጡም አላስተማርኳቸውም። ሰኞ የምገባው በዚህ ነው። ጎረቤቴ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ነፃ ነኝ ብሎኛል፤ አሁን ደግሞ እኔ የእሱ ክፍል ገብቼ ከኋላ እቀመጣለሁ።